የወር ተቆራጩን ስንቀይር፣ ስናቆም
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የሒሳብ ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር)

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ብዙዎቻችን በየወሩ የምናደርገው፣ ግን እየረሳነው የመጣ ነገር ነው። አገር ቤት ላለው ቤተሰባችን የምንልከውን ተቆራጭ ድሮ ሱቅ ሄደን፣ ተሰልፈን፣ ገንዘቡን በእጃችን ቆጥረን ነበር የምንልከው። አሁን ስልካችን ላይ አንድ ጊዜ ቀኑንና መጠኑን እንሞላለን፤ ከዚያ በኋላ አፑ በየወሩ ራሱ ይልካል። ድካም ቀንሶልናል። ነገር ግን ያ ትእዛዝ አንዴ ከተሰጠ በኋላ የእኛን ኑሮ አያውቅም። የሥራ ሰዓታችን ቢቀነስ፣ እናታችን ከወንድማችን ቤት ወደ እህታችን ቤት ብትዛወር፣ ቤት ኪራይ ቢጨምር፣ እሱ ቀኑን ጠብቆ ይልካል።

ስለዚህ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው፤ ያንን ትእዛዝ ስንቀይር ወይም ስናቆም በእርግጥ መቆሙን በምን እናውቃለን? ነገሩን በአንዲት አባላችን ታሪክ እንነግራችኋለን። እሷ ራሷ «ሌላዋ ትማርበት» ብላ ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ግን አንጠራም።

ይህች እህታችን አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች ነው የምትንከባከበው። ለእናቷ በየወሩ በ3ኛው ቀን 300 ዶላር ትልክ ነበር። እናቷ የባንክ ሒሳብ ስለሌላቸው ገንዘቡ ደሴ ባለው ታላቅ ወንድሟ ሒሳብ ይገባና እሱ ያደርስላቸዋል። በ2025 ክረምት ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ። በመጀመሪያ፣ እናቷ ታመው አዲስ አበባ ታናሽ እህቷ ዘንድ ሄዱና እዚያው ቀሩ። ቀጥሎ ደግሞ በሳምንት 40 የነበረው የሥራ ሰዓቷ ወደ 24 ወረደ። ስለዚህ ተቀባዩንም መጠኑንም መቀየር ነበረባት።

እሑድ ኦገስት 31 ማታ ስልኳን አነሣችና አፑን ከስልኳ አጠፋችው። «አጠፋሁት፤ በቃ ቆመ» ብላ ተኛች። ረቡዕ ሴፕቴምበር 3 ቀን 300 ዶላሩ ተላከ። በሒሳቧ የነበረው 210 ዶላር ብቻ ነበር። ባንኩ ጎደሎውን ከፈለና በላዩ 35 ዶላር ቅጣት ጣለባት። ወንድሟ ደግሞ ገንዘቡ ሲገባ ለዘመን መለወጫ የተላከ መስሎት በግ ገዛበት፤ የቀረውን ለልጆቹ ትምህርት ቤት አዋለው። አላጠፋም፤ የነገረው የለም። እሷ ግን የቤት ኪራይ ጎደላትና ከማኅበራችን የችግር ጊዜ ሣጥን 120 ዶላር ተበድራ ነው ያንን ወር ያለፈችው። ደጋፊዎቻችን ሣጥኑ ውስጥ የምታስቀምጡት ገንዘብ አንዳንዴ የሚወጣው እንዲህ ላለ ጉዳይ መሆኑን እወቁልን።

አሁን ምን እንደተሳሳተ እንይ። የመጀመሪያው ስሕተት አፑን ማጥፋቷ ነው። አፑ በር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። የላክነው ትእዛዝ የተቀመጠው በስልካችን ውስጥ ሳይሆን በድርጅቱ መዝገብ ነው። አፑን ብናጠፋው፣ ስልካችን ቢሰበር፣ ስልክ ብንቀይር ትእዛዙ አይነካም። እንዲያውም አፑን ስናጠፋ «ነገ ገንዘብሽ ይላካል» የሚለው ማሳሰቢያ ራሱ አይደርሰንም። ካርዳችን ጊዜው ሲያልፍ ይቆማል ብለን መጠበቅም አያዋጣም። ባንኮች አዲሱን የካርድ ቁጥር ለከፈልናቸው ድርጅቶች የሚያሳውቁበት መንገድ ስላለ፣ አሮጌው ካርድ ቢያልቅም ክፍያው በአዲሱ ሊቀጥል ይችላል።

ሁለተኛው ስሕተት የቀን አቆጣጠሩ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። እዚህ አሜሪካ ወደ ውጭ ገንዘብ የሚልኩ ሰዎችን የሚጠብቅ የፌዴራል ደንብ አለ። ደንቡ ለሁለት ዓይነት መላኪያ ሁለት ዓይነት ጊዜ ይሰጣል። አሁን ተጭነን አሁን ለምንልከው ገንዘብ፣ ከከፈልንበት ጀምሮ 30 ደቂቃ ውስጥ ሐሳባችንን ብንለውጥና ገንዘቡ ገና ተቀባዩ እጅ ወይም ሒሳብ ካልገባ፣ ድርጅቱ የመላኪያ ክፍያውን ጨምሮ ሙሉውን መመለስ አለበት። አስቀድመን ቀን ለቆረጥንለት፣ በየወሩ ለሚሄደው ገንዘብ ግን 30 ደቂቃው አይሠራም። ለእሱ መብታችን የሚጸናው ጥያቄያችን ከሚላክበት ቀን ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን አስቀድሞ ለድርጅቱ ሲደርስ ነው። ልብ በሉ፤ የምንቆጥረው ገንዘቡ አገር ቤት ከሚደርስበት ቀን ሳይሆን ከዚህ ከሚነሣበት ቀን ወደ ኋላ ነው። ያ ቀን ደግሞ ደረሰኙ ላይ ይጻፋል።

እንግዲህ የእህታችንን ቀን አብረን እንቁጠር። መላኪያው ረቡዕ ሴፕቴምበር 3 ነበር። ወደ ኋላ ስንሄድ ማክሰኞ ሴፕቴምበር 2 አንድ ብለን እንይዛለን። ሰኞ ሴፕቴምበር 1 ሌበር ደይ ነው፤ በዓል ስለሆነ አይቆጠርም። እሑድንና ቅዳሜንም ለጥንቃቄ አንቆጥራቸውም። ዓርብ ኦገስት 29 ሁለት፤ ሐሙስ ኦገስት 28 ሦስት። ስለዚህ እህታችን ጥያቄዋን ማድረስ የነበረባት እስከ ሐሙስ ኦገስት 28 ነበር። እሑድ ማታ «ገና ሦስት ቀን አለኝ» ብላ ስታስብ፣ በደንቡ የተሰጣት ጊዜ አልፏል። ከዚህ የተነሣ እኛ በኮሚቴው ያወጣነው ልማድ ቀላል ነው፤ ከሚላክበት ቀን አንድ ሙሉ ሳምንት አስቀድመን እንነካዋለን። ሳምንት ከቀደምን በዓልም ቅዳሜና እሑድም ቢገባ አይጎዳንም።

ይህ ማለት ግን ሦስቱ ቀን ካለፈ በኋላ ተስፋ ቆርጠን እጃችንን እናጣጥፍ ማለት አይደለም። ሦስት ቀኑ ሕጉ የግድ የሚለው ነው፤ ብዙ ድርጅቶች ከዚያም በኋላ፣ ገንዘቡ መንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ ይሰርዛሉ። ስለዚህ ያን እሑድ ማታ ማድረግ የነበረባት አፑን ከፍታ ለመሰረዝ መሞከር፣ አልሆን ካላትም ወዲያው መደወል ነበር። ስረዛ በአፍም በጽሑፍም ይሆናል። ስንደውል ስማችንን፣ አድራሻችንን ወይም ስልካችንን፣ የትኛውን መላኪያ እንደምንሰርዝም በግልጽ እንናገራለን፤ ያነጋገረንን ሰው ስምና ሰዓቱን እንጽፋለን። ስልክ ቁጥሩን ደግሞ ከደረሰኙ ወይም ከአፑ ውስጥ ብቻ እንውሰድ። ኢንተርኔት ላይ ፈልገን ያገኘነው ቁጥር የአጭበርባሪ ሊሆን ይችላል፤ «ልሰርዝልሽ» ብሎ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመን ስልኩን መዝጋት ነው።

እህታችን ወደ ኮሚቴው የመጣችው ቅዳሜ ሴፕቴምበር 6 ነው። የሄደው ገንዘብ ወንድሟ ሒሳብ ገብቷል፤ እሱን ድርጅቱ ሊመልሰው አይችልም። ባንኳ ሄዳ «ይህን ክፍያ አላውቀውም» ልትል አስባ ነበር። እኛ ከለከልናት። ትእዛዙን የሰጠችው ራሷ ናት፤ ገንዘቡም ደርሷል። እንዲያ ብላ ብትከራከር ድርጅቱ ዕዳ ይጠይቃታል፤ ሒሳቧንም ሊዘጋባት ይችላል። ስለ ቅጣቱ ግን ባንኳ ደውላ በትሕትና እንድትጠይቅ መከርናት፤ ደወለች፣ 35 ዶላሩንም መለሱላት። ሁልጊዜ ይመለሳል ማለት አይደለም፤ መጠየቁ ግን አይከፈልበትም።

ከዚያ ቁጭ ብለን የሚቀጥለውን አስተካከልን። አፑን እንደገና ስልኳ ላይ ጫነች፤ የይለፍ ቃሏን እሷ ራሷ አስገባች። እኛ የማንንም የይለፍ ቃል አንጠይቅም፣ አናይም። ቀጥሎ መላኪያዎቿ የተዘረዘሩበትን ገጽ ከፈተች። በየአፑ ቃሉ ይለያያል፤ አንዱ Scheduled ሲል ሌላው Recurring ይላል። እዚያ ውስጥ የወሩን ትእዛዝ ስትነካው ብዙ ጊዜ ሦስት ምርጫ ይመጣል። Edit መቀየሪያ ነው። Pause ወይም Skip ለጊዜው ማሳረፊያ ነው። Cancel መሰረዣ ነው።

ብዙዎቻችን የምንሰናከለው Cancel ላይ ነው። አንዳንዱ አፕ ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምራል፤ የሚቀጥለውን አንድ መላኪያ ብቻ ነው ወይስ ከእንግዲህ ያሉትን ሁሉ? የመጀመሪያውን ከመረጥን የዚህ ወር ይቀራል፤ የሚቀጥለው ወር ግን እንደ ወትሮው ይሄዳል። ተገላቢጦሹም አለ። ትእዛዙን በሙሉ ሰርዘን፣ ግን መንገድ የጀመረ አንድ መላኪያ ካለ እሱ ይቀጥላል፤ ራሱን ችሎ መሰረዝ አለበት። ስለዚህ ሁለቱንም ቦታ ማየት ያስፈልጋል፤ ቀን የተቆረጠለትን ዝርዝርም፣ የተላኩትን ዝርዝርም። እህታችን የወደፊቱን ሁሉ ሰረዘች። የሚቀጥለው ቀን ይታይበት የነበረው ቦታ ባዶ ሆነ፤ «ተሰርዟል» የሚል ኢሜይልም መጣላት። ያንን ገጽ በስልኳ ፎቶ አንስታ አስቀመጠች። መቆሙን የምናውቀው በእነዚህ ነው፤ የሚቀጥለው ቀን ከዝርዝሩ መጥፋቱ፣ ማረጋገጫውም በእጃችን መኖሩ። ማረጋገጫው እያለን ገንዘቡ ቢሄድብን፣ ይህ የድርጅቱ ስሕተት ነውና በደረሰኙ ላይ ተቀባዩ ያገኘዋል ከተባለበት ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ አቤት ማለት እንችላለን።

«መቀየር እያለ ለምን ሰረዛችሁት?» ትሉን ይሆናል። መጠኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ Edit ይበቃ ነበር። ተቀባይ ሲቀየር ግን አሮጌውን ዘግቶ አዲስ መክፈት ይሻላል። የወንድሟን ስም ትተን የሒሳብ ቁጥሩን ብቻ ብንለውጠው፣ ስምና ቁጥር ሳይገጥሙ ቀርተው ገንዘቡ ሊታገድ ይችላል። ስም ሲጻፍ ደግሞ ባንኩ ላይ እንዳለው፣ ከነአባትና ከነአያት መሆን አለበት። እኛ ቤት ውስጥ በቁልምጫ የምንጠራትን እህት ባንኩ በዚያ ስም አያውቃትም። ታናሽ እህቷ የባንክ ደብተሯን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንስታ ላከች፤ ስሙና ቁጥሩ ከዚያ ላይ ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር ተገለበጠ። ቁጥሩን የተሳሳትነው እኛ ከሆንን ገንዘቡን ማስመለስ ከባድ ስለሆነ ይህች አምስት ደቂቃ ዋጋ አላት። የመጀመሪያውንም በየወሩ አላደረገችውም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሄድ አድርጋ ላከች። እህቷ «ገብቷል» ብላ ከደወለች በኋላ ነው የወር ቀጠሮ የያዘችው።

መጠኑን በተመለከተ እህታችን በጣም ነበር ያፈረችው። «ከ300 ወደ 150! ለእናቴ በግማሽ ልቀንስባት?» አለች። እዚህ ላይ አንድ ስሌት አብረን ሠራን። 300ውን የቆረጠችው አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር በነበረበት ጊዜ ነው፤ ወደ 17,000 ብር ይሆን ነበር። ጁላይ 29፣ 2024 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። እኛ በተቀመጥንበት ቀን አፑ ያሳየን 140 ብር ገደማ ነበር። በዚህ ሒሳብ 150 ዶላር 21,000 ብር ነው። ዶላሩ በግማሽ ቀንሶም ብሩ ከድሮው አልቀነሰም።

ይህን ስንል ግን ራሳችንን እንዳናታልል። ብሩ ሲበዛ የጤፉም፣ የመድኃኒቱም ዋጋ አብሮ ወጥቷል፤ 21,000 ብር የድሮውን 17,000 ያህል ላይገዛ ይችላል። ስለዚህ ከአፑ በፊት መጠየቅ ያለባት እናትየዋንና አብራቸው ያለችውን እህት ነው። ጠየቀች። ለመድኃኒት፣ ለምግብና ለተመላላሽ ሠራተኛ በወር የሚያስፈልገው ወደ 20,000 ብር መሆኑን እህቷ ዘርዝራ ነገረቻት። 150 ዶላር ያደርሳል፤ ለጊዜው። ዋጋ ሲጨምር በየሦስት ወሩ እንደገና ሊያዩት ተስማሙ። አፑ ላይም መጠኑ የተቆረጠው በዶላር መሆኑን አረጋገጠች። በብር ቢቆረጥ ኖሮ ምንዛሪው በወጣና በወረደ ቁጥር ከሒሳቧ የሚወጣው ዶላር ይለዋወጥባት ነበር።

ቀኑንም ቀየረችው። ደመወዟ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ነው የሚገባው፤ በየወሩ በ3ኛው ቀን ደግሞ የቤት ኪራዩ ገና መውጣቱ ነው። በየሁለት ሳምንቱ 75 ዶላር መላክም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የመላኪያ ክፍያው በየጊዜው ስለሆነ ሁለት ጊዜ ትከፍላለች። ስለዚህ በወር አንዴ፣ በ18ኛው ቀን አደረገችው። አንዳንዶቻችሁ «ከዚህ ሁሉ ጣጣ አፑን ትቼ ሱቅ ሄጄ በጥሬ ገንዘብ ልላክ» ትሉ ይሆናል። ይቻላል። ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ ግን ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ ለሚላክ ሐዋላ 1 በመቶ የፌዴራል ግብር እንደሚከፈል እወቁ፤ ከባንክ ሒሳብ ወይም እዚህ አገር ከተሰጠ የባንክ ካርድ የሚላከው ይህ ግብር የለበትም።

የቀረው ከሁሉ የከበደው ነበር፤ ወንድሟን መንገር። ሦስት ቀን አቅማማች። አፑ ላይ ሰርዛ ዝም ብትል ኖሮ፣ ኦክቶበር 3 ላይ ወንድሟ ሒሳቡን አይቶ «ምን አጠፋሁ?» ይል ነበር፤ ወይም ከእሱ በኩል ገንዘቡን በላ ተብሎ የተጠረጠረ ይመስለዋል። በመጨረሻ እዚሁ ቢሮአችን ተቀምጣ ደወለች። «ወንድም ጋሼ፣ እማዬን እስካሁን ተሸክመሃታል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን እሷ አዲስ አበባ ስላለች ገንዘቡን በእህታችን በኩል አድርጌዋለሁ። ሥራዬም ተቀንሷል፤ ከሚቀጥለው ወር ወደ አንተ የሚመጣ የለም፤ እንዳትጠብቀኝ ብዬ ነው» አለችው። ወንድሟ ትንሽ ዝም አለና፣ «ሥራሽ መቀነሱን ለምን እስካሁን ደበቅሽኝ? እኔ እኮ የበጉን ገንዘብ እመልስልሽ ነበር» አላት። ከስልኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ ከዚያም ቡና አፈላን።

እህቶቻችን፣ ተቆራጩ እንደ እቁብ አይደለም። እቁብ ከገባን ዙሩ እስኪያልቅ መጣል ግድ ነው፤ ዳኛ አለው፣ ዋስ አለው። ይህ ግን የእኛ ትእዛዝ ነው፤ አቅማችን ሲለወጥ እንለውጠዋለን። ቅደም ተከተሉን ብቻ አንሳት፤ መጀመሪያ ለቤተሰብ መንገር፣ ከዚያ ከሚላክበት ቀን ሳምንት ቀድሞ አፑ ውስጥ ገብቶ መሰረዝ ወይም መቀየር፣ በመጨረሻም የሚቀጥለው ቀን ከዝርዝሩ መጥፋቱን አይቶ ማረጋገጫውን ማስቀመጥ።

ዛሬ ቤት ስትገቡ የየራሳችሁን አፕ ክፈቱና የሚቀጥለው መላኪያ ቀን መቼ እንደሆነ፣ ገንዘቡ ወደማን እንደሚሄድ ተመልከቱ። የረሳችሁት ትእዛዝ የምታገኙ እንዳላችሁ እናውቃለን። ብቻችሁን መንካት ከከበዳችሁ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ኮሚቴው ቢሮ አለ፤ ስልካችሁንና የመጨረሻውን ደረሰኝ ይዛችሁ ኑ።